የአብላጫ ድምፅንና የተመጣጣኝ ውክልናን «አነጻጽሩ» ሲባል፦ የፈተና መልስ አሠራር

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ይመጣል፦ «የአብላጫ ድምፅ የምርጫ ሥርዓትንና የተመጣጣኝ ውክልናን አነጻጽሩ።» ተፈታኙ ስለ አንደኛው አንድ ገጽ ይጽፋል፣ ስለ ሁለተኛው አንድ ገጽ ይጨምራል፣ ከዚያ «ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅምና ጉዳት አላቸው» ብሎ ወረቀቱን ያስረክባል። ይህ ሁለት ገለጻ ነው እንጂ ንጽጽር አይባልም። አራሚው የሚፈልገው ሁለቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ፊት ለፊት ቆመው ማየት ነው።

ይህን ለማድረግ ቀላሉ መንገድ አንድ የድምፅ ውጤት ወስዶ በሁለቱም ሥርዓት መቁጠር ነው። ድምፁ አንድ ሆኖ የመቀመጫው ድልድል ሲለያይ፣ ልዩነቱን ያመጣው ሥርዓቱ ብቻ መሆኑ በግልጽ ይታያል። የቀረው መልስ በሙሉ ከዚህ ስሌት ይወጣል። ለጥያቄው ግማሽ ሰዓት ካላችሁ ለስሌቱ ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ በቂ ነው።

1. ትርጉሙን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሱ፤ «አብላጫ» የሚለውን ቃል ግን በግልጽ ለዩት

በዚህ ርዕስ ላይ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው በአንድ ቃል ነው። በአማርኛ «አብላጫ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል። አንደኛው ቀላል አብላጫ ነው፤ ከሌሎቹ እያንዳንዳቸው መብለጥ ማለት ነው። ሁለተኛው ፍጹም አብላጫ ነው፤ ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማግኘት ማለት ነው። የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አራት ዕጩዎች 31፣ 30፣ 25 እና 14 በመቶ ቢያገኙ ባለ 31ዱ አሸንፏል፤ ከመራጩ 69 በመቶው ሌላ ሰው መምረጡ ውጤቱን አይለውጠውም። «አሸናፊው ከ50 በመቶ በላይ ማግኘት አለበት» ብሎ የጻፈ ተፈታኝ ሌላ ሥርዓት ነው የገለጸው።

የእንግሊዝኛው ስም «ፈርስት ፓስት ዘ ፖስት» ከፈረስ እሽቅድምድም የመጣ ነው፤ መጨረሻውን ምሰሶ ቀድሞ ያለፈ እንደማለት። እውነቱን ለመናገር ስሙ ያሳስታል፤ እዚህ ምርጫ ውስጥ የሚታለፍ ምሰሶ የለም። ቁጥሩ ምንም ያህል ዝቅ ቢል ከተከታዩ አንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃል።

ስለዚህ የመግቢያችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይህን ሊመስል ይችላል፦

«በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት አገሪቱ እያንዳንዳቸው አንድ ተወካይ በሚመርጡ የምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ በየምርጫ ክልሉ ከሌሎች ዕጩዎች ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘው፣ ከግማሽ ባይበልጥም፣ መቀመጫውን ይወስዳል። በተመጣጣኝ ውክልና ደግሞ ከአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ተወካዮች ይመረጣሉ፤ መቀመጫዎቹም ፓርቲዎቹ ባገኙት የድምፅ ድርሻ መጠን ይከፋፈላሉ።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ከአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ተወካዮች» የሚለውን አትዝለሉት። አንድን መቀመጫ በድርሻ መከፋፈል አይቻልም፤ ተመጣጣኝነት የሚጀምረው የሚከፋፈል ነገር ሲኖር ነው። ይህን ሐሳብ በአራተኛው እርምጃ ትመለሱበታላችሁ።

2. ትንሽ የድምፅ ሠንጠረዥ ሥሩ

አምስት የምርጫ ክልል፣ በእያንዳንዱ 1,000 ድምፅ፣ ሦስት ፓርቲ። ከዚህ በላይ አታስፉት፤ ቁጥሩ ሲበዛ ስሌቱ ይሳሳታል፣ ሰዓቱም ያልቃል። ድምሩ ክብ ቁጥር እንዲሆን አድርጉ።

| የምርጫ ክልል | ፓርቲ ሀ | ፓርቲ ለ | ፓርቲ ሐ |
|---|---|---|---|
| አንድ | 420 | 380 | 200 |
| ሁለት | 410 | 390 | 200 |
| ሦስት | 400 | 350 | 250 |
| አራት | 400 | 380 | 220 |
| አምስት | 170 | 700 | 130 |
| ድምር | 1,800 | 2,200 | 1,000 |

ሠንጠረዡ ሆን ተብሎ እንዲህ መሠራቱን ልብ በሉ። ፓርቲ ሀ በአራት ቦታ በጠባብ ልዩነት ይቀድማል። ፓርቲ ለ በአንድ ቦታ እጅግ ብዙ ድምፅ ያከማቻል። ፓርቲ ሐ በሁሉም ቦታ ደጋፊ አለው፣ የትም ግን አንደኛ አይወጣም። ቁጥሩን በዘፈቀደ ከሞላችሁት እነዚህ ሦስት ባሕርያት ላይወጡ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ በሁለቱም ሥርዓት ተመሳሳይ ውጤት አግኝታችሁ የምታነጻጽሩት ታጣላችሁ።

3. በአብላጫ ድምፅ ቁጠሩ

እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው ተመልከቱ፤ ድምሩን እርሱት። በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስትና በአራት ፓርቲ ሀ ቀዳሚ ነው። በአምስት ፓርቲ ለ። ውጤቱ ሀ 4፣ ለ 1፣ ሐ 0 ይሆናል።

አሁን ድምሩን ከዚህ ጎን አስቀምጡት። ፓርቲ ሀ በ36 በመቶ ድምፅ 80 በመቶ መቀመጫ ወሰደ። ፓርቲ ለ 44 በመቶ፣ ማለትም ከሁሉም የበለጠ ድምፅ አግኝቶ በአንድ መቀመጫ ቀረ። ፓርቲ ሐ ከአምስት መራጭ የአንዱን ድምፅ ይዞ ምክር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ።

ቀጥሎ የባከነውን ድምፅ ቁጠሩ፤ በየምርጫ ክልሉ ለተሸነፉ ዕጩዎች የተሰጠውን ማለት ነው። በአንድ 580፣ በሁለት 590፣ በሦስት 600፣ በአራት 600፣ በአምስት 300፤ ባንድ ላይ 2,670 ነው። ከ5,000ው 53.4 በመቶ የሚሆነው መራጭ የመረጠው ሰው አልገባለትም። «በዚህ ሥርዓት ብዙ ድምፅ ይባክናል» ከማለት ይህን ቁጥር መጻፍ እጅግ ይሻላል።

4. ያንኑ ድምፅ በተመጣጣኝ ውክልና ቁጠሩ

አሁን አምስቱን የምርጫ ክልሎች አንድ አድርጓቸውና አምስት መቀመጫ ስጧቸው። ጠቅላላ ድምፁን ለመቀመጫው ብዛት አካፍሉ፤ 5,000 ለ5 ሲካፈል 1,000 ነው። ይህ የአንድ መቀመጫ «ዋጋ» ነው፣ ኮታ ይባላል። ከዚያ የእያንዳንዱን ፓርቲ ድምፅ በኮታው አካፍሉ፤ ሀ 1.8፣ ለ 2.2፣ ሐ 1.0 ይመጣል።

ሙሉ ቁጥሮቹን ቀድማችሁ ስጡ፤ ሀ 1፣ ለ 2፣ ሐ 1። አራት መቀመጫ ተሰጠ፣ አንድ ቀረ። የቀረው ትልቁ ቀሪ ላለው ይሄዳል። የሀ ቀሪ 0.8፣ የለ 0.2 ነው፤ ስለዚህ መቀመጫው የሀ ነው። የመጨረሻው ውጤት ሀ 2፣ ለ 2፣ ሐ 1።

ይህ የትልቁ ቀሪ ዘዴ ይባላል። ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት ሌላው መንገድ የዶንት ዘዴ ነው፤ የእያንዳንዱ ፓርቲ ድምፅ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እያለ ይካፈልና ከሁሉም ውጤቶች ትልልቆቹ አምስቱ መቀመጫ ያገኛሉ። በዚህ ሠንጠረዥ አምስቱ ትልልቅ ቁጥሮች 2,200 (ለ)፣ 1,800 (ሀ)፣ 1,100 (ለ)፣ 1,000 (ሐ) እና 900 (ሀ) ናቸው፤ ውጤቱ ያው 2፣ 2፣ 1 ነው። ሁለቱ ዘዴዎች ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ሲለያዩ ዶንት ወደ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ያዘነብላል። በመልሳችሁ ግን አንዱን ብቻ አሳዩ። ጥያቄው ስለ ስሌት ዘዴ ካልሆነ ሁለቱንም መዘርዘር ጊዜ ማጥፋት ነው።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት ለእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ መቀመጫ እንዳለ ትቶ በየረድፉ «ድርሻ» ለማስላት መሞከር ነው። ተፈታኙ በምርጫ ክልል አንድ ሀ 0.42 መቀመጫ አገኘ ይላል፣ ከዚያ መውጫው ይጠፋዋል። ድልድሉ የሚሠራው መቀመጫዎቹ በአንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው።

5. ከሁለቱ ውጤት ሦስት መመዘኛ አውጡ፤ በእያንዳንዱ ሁለቱንም አገናኙ

ሦስት ይበቃል። በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱም ሥርዓቶች መጠቀስ አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ያለበት አንቀጽ ካገኛችሁ ተመልሳችሁ ወደ ገለጻ ገብታችኋል።

የመጀመሪያው ድምፅና መቀመጫ ምን ያህል ይቀራረባሉ የሚለው ነው። ስሌቱን ሠርታችኋል፤ የቀረው ምክንያቱን መናገር ነው። በአብላጫ ድምፅ ወሳኙ ድምፁ የት ተበተነ የሚለው ነው። ፓርቲ ለ በምርጫ ክልል አምስት 700 ድምፅ አገኘ፤ ተቀናቃኙ 170 ብቻ ስላለው ግን ለማሸነፍ 171 ይበቃው ነበር። የቀረው 529 ድምፅ ምንም አልጨመረለትም። ከዚያ ላይ 41ዱ በምርጫ ክልል አንድ ቢሆኑለት ኖሮ 421 አግኝቶ ሁለተኛ መቀመጫ ይወስድ ነበር። በተመጣጣኝ ውክልና ግን ድምፁ የትም ይሰጥ የት በድምሩ ውስጥ እኩል ይቆጠራል። እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ፣ በቅርብ የታየ አንድ ቁጥር ያለበት፣ ከአምስት የተሸመደዱ ነጥቦች ይበልጣል።

ሁለተኛው መንግሥት እንዴት ይመሠረታል የሚለው ነው። በአብላጫ ድምፁ ውጤት ፓርቲ ሀ አራት መቀመጫ ስላለው ብቻውን ያስተዳድራል፤ ፕሮግራሙን ለመፈጸም ማንንም አይለምንም፣ በሚቀጥለው ምርጫም ተጠያቂው እሱ ብቻ ነው። በተመጣጣኙ ውጤት 2፣ 2፣ 1 ማንም ሦስት ስለሌለው ጥምር መንግሥት የግድ ነው። እዚህ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ 20 በመቶ ድምፅ ያለው ፓርቲ ሐ ከሀ ጋርም ከለ ጋርም ሊጣመር ስለሚችል፣ ሀና ለ እርስ በርስ ካልተጣመሩ፣ መንግሥት የመምረጥ ሥልጣኑ በእጁ ይሆናል። መራጩም የትኛው ጥምረት እንደሚመሠረት ድምፅ ሲሰጥ አያውቅም። ተመጣጣኝ ውክልናን የምትደግፉ ከሆነ ይህን መደበቅ የለባችሁም፤ ራሳችሁ አንስታችሁ መልስ ስትሰጡበት ነው መልሱ የሚጠነክረው።

ሦስተኛው መራጩና ተወካዩ ምን ያህል ይተዋወቃሉ የሚለው ነው። በአብላጫ ድምፅ የምርጫ ክልል ሦስት ነዋሪ ተወካዩ ማን እንደሆነ በስም ያውቃል። በተመጣጣኝ ውክልና ይህ ግንኙነት ምን ያህል እንደሚላላ የሚወሰነው በዝርዝሩ ዓይነት ነው። ዝግ ዝርዝር ከሆነ የዕጩዎቹን ቅደም ተከተል የሚወስነው ፓርቲው ነው፤ መራጩ የሚመርጠው ፓርቲውን ብቻ ነው። ክፍት ዝርዝር ከሆነ ግን መራጩ ከፓርቲው ዕጩዎች መካከል የሚፈልገውን ማስቀደም ይችላል። «በተመጣጣኝ ውክልና መራጩ ሰው አይመርጥም» ብሎ መደምደም ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው።

6. ለስሌቱ እውነተኛ ምርጫ አጋቡለት

ምናባዊው ሠንጠረዥ አሠራሩን ያሳያል፤ እውነተኛው ምርጫ ደግሞ ነገሩ የክፍል ጨዋታ አለመሆኑን። ሁለት ምሳሌ ይበቃል፣ ቁጥራቸውን ግን በትክክል ያዙ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለድምፅ መበተን ከሁሉ የሚመቸው የ2015ቱ የብሪታንያ ምርጫ ነው። ዩኪፕ የተባለው ፓርቲ በአገር አቀፍ ደረጃ 12.6 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አንድ መቀመጫ ብቻ ወሰደ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ በ4.7 በመቶ ድምፅ 56 መቀመጫ አገኘ። የመጀመሪያው ደጋፊ በመላ አገሪቱ የተበተነ ስለነበር የኛን ፓርቲ ሐ ይመስላል፤ የሁለተኛው ድምፅ በሙሉ ስኮትላንድ ውስጥ ነበር። ከዚህ ተነስታችሁ አብላጫ ድምፅ የሚጎዳው ትንንሽ ፓርቲዎችን ሁሉ ሳይሆን የተበተኑ ትንንሽ ፓርቲዎችን መሆኑን መጻፍ ትችላላችሁ። ይህቺ ማስተካከያ ብቻዋን መልሱን ከብዙዎቹ ትለየዋለች።

ሁለተኛው ሌሶቶ ነው። በ1998 በአብላጫ ድምፅ በተካሄደው ምርጫ ገዢው ፓርቲ 60 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ80 መቀመጫ 79ኙን ወሰደ። ተቃዋሚዎች ውጤቱን አልቀበልም አሉ፤ ሁከት ተነሣ፣ የጎረቤት አገር ጦር ገባ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ሥርዓቱን ለውጣ የ2002ቱን ምርጫ በቅይጥ ዘዴ አካሄደች፤ 80 መቀመጫ በምርጫ ክልል፣ 40 ደግሞ ድርሻን ለማመጣጠን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚህ ምሳሌ አሸናፊው ፍጹም አብላጫ ድምፅ ስለነበረው በየትኛውም ሥርዓት መንግሥት ይመሠርት ነበር። የተለየው የተቃዋሚው ድምፅ ከምክር ቤቱ መጥፋቱ ነው። ምሳሌውን «ያላሸነፈ አሸነፈ» ለማለት ከተጠቀማችሁበት አራሚው ይይዛችኋል። ለዚያ ሐሳብ የሚሆነው የካናዳ የ2019 ምርጫ ነው፤ ሊበራሎች በድምፅ ከወግ አጥባቂዎች አንሰው በመቀመጫ በለጡ።

7. «ሁልጊዜ» ያላችሁበትን ቦታ ፈልጋችሁ ሰርዙ

መልሱን ስትጨርሱ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን ፈልጋችሁ አርሙ። አንደኛው «አብላጫ ድምፅ ሁልጊዜ የአንድ ፓርቲ መንግሥት ያመጣል» የሚለው ነው። በ2010 ብሪታንያ ውስጥ ማንም ፓርቲ ከግማሽ በላይ መቀመጫ ስላላገኘ ጥምር መንግሥት ተመሥርቷል። «ብዙ ጊዜ» በሉት።

ሁለተኛው «ተመጣጣኝ ውክልና ያልተረጋጋ መንግሥት ያመጣል» የሚለው ነው። ቤልጅየም ከ2010ሩ ምርጫ በኋላ መንግሥት ለመመሥረት 541 ቀን እንደፈጀባት መጥቀስ ትችላላችሁ፤ ግን በድምፅ ድርሻ መቀመጫ በምታከፋፍለው ጀርመን አንጌላ ሜርክል ከ2005 እስከ 2021 በጥምር መንግሥታት መርተዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አንዱን ብቻ ከመጥቀስ ይሻላል።

ሦስተኛው «በተመጣጣኝ ውክልና ድምፅ አይባክንም» የሚለው ነው። አብዛኞቹ አገሮች ፓርቲ መቀመጫ ለማግኘት ማለፍ ያለበት ዝቅተኛ መቶኛ አላቸው፤ ይህን የመግቢያ ገደብ ልትሉት ትችላላችሁ። ኔዘርላንድስ 150 መቀመጫዋን የምትከፋፍለው በጣም ዝቅተኛ በሆነ ገደብ ነው፤ የአንድ መቀመጫ ድርሻ፣ 0.67 በመቶ ገደማ፣ ይበቃል። ቱርክ ግን በ2002 ገደቧ 10 በመቶ ስለነበር ያለፉት ፓርቲዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው በ34 በመቶ ድምፅ ከመቀመጫው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ወሰደ፤ 45 በመቶ ገደማ የሚሆነው ድምፅ ተወካይ አጣ። ቁጥሩን ከእኛ ሠንጠረዥ 36 በመቶና 53.4 በመቶ ጋር አስተያዩት፤ ተመጣጣኝ የተባለው ሥርዓት በገደቡ ምክንያት ወደ አብላጫ ድምፁ ውጤት ተጠግቷል።

በራሳችሁ ስሌት ላይም አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምሩ። ሠንጠረዡ መራጮች በሁለቱም ሥርዓት አንድ ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጡ ይገምታል። በእውነቱ ግን በአብላጫ ድምፅ የፓርቲ ሐ ደጋፊ ድምፁ እንደሚባክን ስለሚያውቅ የማይፈልገውን ለማገድ ለሀ ወይም ለለ ሊሰጥ ይችላል። በተመጣጣኝ ውክልና ይህ ፍርሃት ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሐ እውነተኛ ድጋፍ ከ1,000 በላይ ሊሆን ይችላል። ይህን አንድ አንቀጽ የሚጽፍ ተፈታኝ ጥቂት ነው።

8. ፍርዱን በመመዘኛ ስጡ

ጥያቄው «የትኛው ይሻላል» ወይም «ገምግሙ» ካላለ ፍርድ አያስፈልግም፤ ካለ ግን መሸሽ አይቻልም። «እንደ አገሩ ሁኔታ ይወሰናል» ብሎ ማቆም ሽሽት ነው። በምን ሁኔታ የትኛው እንደሚሻል ተናገሩ። ለምሳሌ፦

«ቀዳሚው ዓላማ መራጩ መንግሥትን በቀጥታ መሾምና ማውረድ እንዲችል ከሆነ አብላጫ ድምፅ ይመረጣል፤ ፓርቲ ሀ አራት መቀመጫ ይዞ ቢያጠፋ ጥፋቱን የሚያጋራው የለም። ቀዳሚው ዓላማ ምክር ቤቱ የመራጩን ስብጥር እንዲመስል ከሆነ ግን ተመጣጣኝ ውክልና ይመረጣል፤ በ44 በመቶ አንድ መቀመጫ፣ በ20 በመቶ ዜሮ የሚሰጥ ቆጠራ ይህን ዓላማ ሊያሟላ አይችልም።»

ሰዓቱ ካጠራችሁ እርምጃ ስድስትን ወደ አንድ ምሳሌ አውርዱና ስምንትን በሁለት መስመር ጻፉ። ሠንጠረዡንና ሁለቱን ቆጠራ ግን አትቁረጡ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ቢቀራችሁ እንኳ ሠንጠረዡ፣ 4፣ 1፣ 0 እና 2፣ 2፣ 1 የሚሉት ውጤቶችና ከሥራቸው «ልዩነቱ የመጣው ድምፁ የትኛው የምርጫ ክልል ውስጥ እንደወደቀ በአንደኛው ስለሚቆጠር በሌላው ስለማይቆጠር ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ንጽጽር ሆነው ይታረማሉ።